«ዘገየ»፣ «ዘገየብን»፣ «አዘገየነው»

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ የሥራ ተቋራጭ ቢሮ ውስጥ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ደሴ ላይ «ሐጂ» እያልን ለምንጠራቸው አዛውንት ነጋዴ ሕንፃ እንሠራለን። የመጀመሪያው ሶሌታ ሙሌት ከሰኔ 10 ወደ ሰኔ 24 ተዛወረ። ፌሮውን ያዘዝነው ሳምንት ዘግይተን ነው፤ ሻጩም ሌላ ሳምንት ጨመረበት፤ ሰኔ 18 ይገባል። የምድር ቤቱን ሱቆች የምናስረክበው ነሐሴ 15 ነበር። ለሐጂ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «በገበያው ላይ በተከሰተው የግብዓት እጥረትና ከአቅም በላይ በሆኑ የተለያዩ ምክንያቶች የተነሳ የሶሌታ ሙሌት ሥራው በታቀደለት ጊዜ ሊከናወን ያልቻለ በመሆኑ፣ ችግሩን ለመቅረፍ አስፈላጊውን ጥረት እያደረግን የምንገኝ ሲሆን፣ ሥራው በቅርብ ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል ተብሎ የሚጠበቅ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።» አለቃዬ «ጥሩ ነው፣ ግን አሳጥረው» አለኝ። ምኑን ላውጣ?

መልስ፦ ከማውጣትዎ በፊት ይቁጠሩ። «ያልቻለ» የሚለው ቃል በጽሑፍዎ ውስጥ 18ኛ ነው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው 17 ቃላት እስኪያልፉ ድረስ ሥራው ይቅር፣ ይለቅ ወይም ይጀመር አያውቁም። ከዚያ የባሰው ደግሞ 18ኛውም ቃል ማሰሪያ አለመሆኑ ነው። የዚህ ሁሉ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ «እንገልጻለን» ነው። በሰዋስው ዓይን ከታየ ደብዳቤው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ የምትገልጹ ሰዎች መሆናችሁን። መዘግየቱ «በመሆኑ» ውስጥ ተጠቅልሎ በጎን አልፏል።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ይህ ጠባይ የቋንቋው ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። «ሶሌታው ሰኔ 10 አይሞላም» ብሎ አምስት ስድስት ፊደል ከሄዱ በኋላ ማሰር ይቻላል። ግሱ መጨረሻ ላይ መሆኑ የሚጎዳው ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ብቻ ነው። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። እኛ ክፉ ወሬ ማውራትን የተማርነው ከመርዶ ነው። መርዶ ሲነገር ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ቁጭ ተብሎ ስለ ሌላ ነገር ይወራል፣ ከዚያ ወሬው ቀስ ብሎ ይወጣል። ለሞት ይህ ርኅራኄ ነው። የሶሌታ መዘግየት ግን መርዶ አይደለም። ሐጂ ቀኑን ቶሎ ካወቁ ሱቁን ለሚከራያቸው ሰው ደውለው ማስተካከል ይችላሉ፤ በቆየ ቁጥር ማስተካከያው ይጠባል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጽሑፍዎን የሚያቃናው ማሳጠር ሳይሆን የግስ ምርጫ ነው። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ እናቱ ስትመጣ የሚለውን ያስታውሱ። «ተሰበረ» ሊል ይችላል፤ እንዲህ ካለ ብርጭቆው ራሱን የሰበረ ይመስላል። «ተሰበረብኝ» ሊል ይችላል፤ እንዲህ ካለ እሱም ተጎጂ ነው፣ ማባበል ይገባዋል። «ሰበርኩት» የሚለው ግን ጥቂት ልጅ ነው። በእናንተም ሥራ ሦስቱ አሉ፦ ፌሮው ዘገየ፣ ፌሮው ዘገየብን፣ ፌሮውን አዘገየነው።

መካከለኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም አማርኛ በዚህ በኩል እጅግ ሀብታም ነው። «ብ» የመጣችው «በ» ከሚለው መስተዋድድ ነው፤ ከግሱ ጋር ስትጣበቅ ድርጊቱ በማን ላይ እንደወደቀ ትናገራለች። እኅቷ «ል» ከ«ለ» መጥታ ድርጊቱ ለማን እንደበጀ ትናገራለች። ቦሩ ሜዳ በኩል እህል የዘራ ገበሬ «ዘነበልን» ይላል፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ዝናብ፣ አርማታ አቡክተው ግማሽ ሶሌታ የሞሉት እናንተ «ዘነበብን» ትላላችሁ። ዝናቡ አንድ ነው፤ አንዲት ፊደል ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ የሚለውን ፈረደች።

እንግዲህ «ፌሮው ዘገየብን» ብለው ለሐጂ ሲጽፉ ምን አሉ? ተጎጂዎቹ እኛ ነን አሉ። የሱቅ ኪራያቸው ግማሽ ወር የሚዘገየው እሳቸው ሆነው ሳለ አዘኔታውን ለራስዎ ወሰዱት። ሰው ይህን ሲያነብ ሰዋስው አይቆጥርም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ስለዚህ «ብ» ከፌሮው ላይ ወርዳ ለሐጂ ትሰጥ፦ «የሱቆቹ ርክክብ ይዘገይብዎታል»። በዚህች በአንዲት ቃል ጉዳቱን ተናገሩ፣ የማን እንደሆነም አወቁ። «አሉታዊ ተጽዕኖ ያሳድራል» የሚለውን የቢሮ ሐረግ ከዚህ በኋላ አያስፈልግዎትም።

መንስኤው ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሳምንት ባለቤቱን ይስጡት። በጥያቄዎ ውስጥ ሳያስቡት በትክክል ጽፈውታል፤ «ያዘዝነው ሳምንት ዘግይተን ነው፤ ሻጩም ሌላ ሳምንት ጨመረበት»። 14 ቀን ሙሉ በ«ገበያው» ላይ ከሚጫን ሰባቱን እናንተ፣ ሰባቱን ሻጩ ቢወስድ ሐጂ የሚያምኑት ይህን ነው። እሳቸው ነጋዴ ናቸው፤ የገበያውን እጥረት ከእርስዎ ቀድመው ያውቃሉ። እጥረት ካልነበረ በአንድ ስልክ ያረጋግጣሉ።

«ከአቅም በላይ በሆኑ» የሚለውን ግን ያለ ርኅራኄ ያውጡት። ይህ ጌጥ ሳይሆን የሕግ ቃል ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለግዴታው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለውን ነገር ነው። አንቀጽ 1794 ደግሞ በውል በግልጽ ካልተስማሙበት በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርን እንኳ ከዚህ አይቆጥረውም። ፌሮን ሳምንት ዘግይቶ ማዘዝ የት ይግባ? አንድ ቀን ክርክር ተነስቶ ይህ ወረቀት ጠበቃ እጅ ቢገባ፣ ያችን ሐረግ የጻፈው ሰው እንዲያስረዳት ይጠየቃል። ክረምትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ደሴ ላይ ሐምሌ እንደሚዘንብ የጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሕፃን ያውቃል፤ ያልተገመተ ነው ማለት አያስኬድም።

«የተለያዩ ምክንያቶች»ም ይውጣ። እኔ ራሴ ቤት ሳሠራ እንዲህ የሚል ወረቀት ደርሶኝ ነበር። ምክንያቶቹ እነማን እንደሆኑ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ለመናገር የሚያሳፍር ስለነበር ጓደኞች ተፈጥረውለት ኖሯል። ወሎ ውስጥ ዐረብኛ የቀራ ሰው «ሰበብ» ማለት በዚያ ቋንቋ እንዲያው መንስኤ ማለት እንደሆነ ይነግርዎታል። በአማርኛ ግን ሰበብ የሐሰት ሽታ አገኘ፤ «ሰበበኛ» ስድብ ሆነ። «ምክንያት»ም «ምክንያት አታብዛ» እያልን ወደዚያው እየገፋነው ነው። መድኃኒቱ ስም ሳይጠሩ ነገሩን መናገር ነው፤ «ፌሮውን ዘግይተን አዘዝን» ሲባል ምክንያት የሚል ቃል የለበትም፣ ምክንያቱ ግን ተነግሯል።

ስለ ሌሎቹ ቃላት በአጭሩ። «ተራዘመ» አይበሉ፤ ጊዜን የሚያራዝመው ሥልጣን ያለው ወገን ነው፣ ሐጂ ገና አልፈቀዱም። «ተጓተተ» ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱት ነገር ነው፤ በራስ ላይ የሚጻፍ ክስ ነው። «ተላለፈ» ለስብሰባና ለሠርግ ይሁን። «ዘገየ» ይበቃል።

ከሶሌታው ሙሌት ወደ ሱቆቹ ርክክብ ያለውን መንገድ ደግሞ በአእምሮዎ ይሂዱት እንጂ ሁሉንም አይጻፉት። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ካሳፎርማውን የተሸከሙት ድጋፎች 21 ቀን ይቆያሉ ብንል፣ ሰኔ 10 ቢሞላ ኖሮ ሐምሌ 1 ይነሱ ነበር፤ ሰኔ 24 ሲሞላ ሐምሌ 15 ይነሳሉ። ድጋፉ ሳይነሳ ከሥሩ ልስንም ወለልም አይሠራም። ልስንን በተጨማሪ ሠራተኛ ማፋጠን ይቻል ይሆናል፤ አርማታን ግን ቶሎ ድረቅ ብሎ የሚያዝዘው የለም። ስለዚህ 14ቱ ቀን እንዳለ ወደ ሱቆቹ ይወርዳል፤ ርክክቡ ነሐሴ 29 ይሆናል። «እናካክሳለን» ብለው ተስፋ ቢሰጡ ነሐሴ ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

አዲሱ ዕቅድ ላይ «ይጠበቃል» የሚለው ግስ ጠባቂው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ የሚጠብቁት ሐጂ ብቻ ናቸው። «በቅርብ ጊዜ» ደግሞ ለእርስዎ ሁለት ወር፣ ለሳቸው ሁለት ሳምንት ነው። «እስከ ነሐሴ 29»ም ተንሸራታች ነው፤ 29ኛው ቀን ይቆጠር አይቆጠር ሁለት ሰው አይስማማበትም፤ «ነሐሴ 29 ቀን እናስረክባለን» ይበሉ። ከዚህ ሩቅ ቀን በፊት ሐጂ በዓይናቸው የሚያረጋግጡት ቅርብ ቀን ይስጡ፤ የእናንተ ሰኔ 18 ነው። በዚያ ቀን ፌሮው ካልገባ ሰኔ 24ም እንደማይሆን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። (አንድ ቀን በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለውጭ አገር ሰው የሚጽፉ ከሆነ ነሐሴ 29ን ኦገስት 29 ብለው እንዳይተረጉሙት፤ ሴፕቴምበር 4 ነው። ኦገስት 29 የእኛ ነሐሴ 23 ስለሆነ እንግዳው ስድስት ቀን ቀድሞ ይመጣብዎታል። ይችም «ብ» ቦታዋ ነች።)

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን ሐጂ። የመጀመሪያው ሶሌታ ሰኔ 10 አይሞላም፤ ሰኔ 24 ይሞላል። ፌሮውን እኛ አንድ ሳምንት ዘግይተን አዘዝን፤ ሻጩም አንድ ሳምንት አዘገየው። በዚህም የሱቆቹ ርክክብ ከነሐሴ 15 ወደ ነሐሴ 29 ይዘገይብዎታል፤ ይቅርታ ያድርጉልን። ፌሮው ሰኔ 18 ሳይት ሲገባ ደውዬ አሳውቅዎታለሁ።»

ይቅርታው አንዴ ብቻ፣ ጉዳቱ ከተነገረበት ጎን ተቀምጧል፤ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ያስደነግጥ ነበር። «በትሕትና» የሚለውን «እርስዎ» ተክቶታል። አለቃዎ «ኢንሻአላህ» ይጨመር ካሉ አይከራከሩ፤ ለሐጂ የሚገባ አክብሮት ነው። ቦታው ግን «ነሐሴ 29» ከሚለው ቀጥሎ ነው፣ በእሱ ፋንታ አይደለም።