ወረቀቱ ገና ካልወጣስ?

«ጅማ ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር ሱዳናዊ አለ። የስደተኝነት ማመልከቻው ገና አልተወሰነም። አገሩ ሊመልሱት ይችላሉ?»

በሕግ አይችሉም ወንድሜ። ሰውን ስደተኛ የሚያደርገው ወረቀቱ ሳይሆን የሸሸው አደጋ ነው። ውሳኔው ያንን ያረጋግጣል እንጂ አይፈጥረውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ከአሁኑ ይጠብቀዋል።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ለአገር ደህንነት ያሰጋል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ካለ፣ ወይም እጅግ ከባድ በሆነ ወንጀል የመጨረሻ ፍርድ አግኝቶ ለኅብረተሰቡ አደገኛ ከሆነ፣ አንቀጽ 33 አያድነውም። ሄርማታ ገበያ ተደባድቦ ሁለት ወር ቢፈረድበት ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

ቀዳዳው ውስጥ ቢገባ እንኳ፣ ሲመለስ እንደሚሰቃይ የሚያሳይ ተጨባጭ ምክንያት ካለ የፀረ ማሰቃየት ስምምነት አንቀጽ 3 መመለሱን ይከለክላል። እሱ ምንም ቀዳዳ የለውም።