ፊርማው 39፣ ወረቀቱ 38

«አዳማ ኮሌጅ ውስጥ ፈተና የማስተባብረው እኔ ነኝ። በአንድ ክፍል 39 ፊርማ ይዤ 38 የመልስ ወረቀት አገኘሁ። እንዴት ላጣራ?»

የምታስፈርሙት በር ላይ ከሆነ ጣጣው እዚያ ነው። በግርግር መሀል አንዱ ለጓደኛው ይፈርምለታል። የአርፋጅ መግቢያ ሰዓት ሲያበቃ ፈታኙ ራሱ ወንበር ለወንበር ይዙር። መታወቂያውን ከፊቱ ጋር አስተያይቶ ያስፈርም። በቀረው ሰው ቦታ ላይ ወዲያው «ቀሪ» ብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ባዶ ከተተወ ነገ ማንም ይፈርምበታል።

የወንበሩ ቁጥርና የስም ዝርዝሩ ተራ ቁጥር አንድ ይሁኑ። የቀሪ ወንበር ባዶውን ይቀመጥ። «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ፈታኝ ካለ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

ወረቀቱ በወንበር ቁጥር ተራ ይሰብሰብ፣ ተማሪው እንደተቀመጠ። ለምሳሌ ከ40 ሰው 17 ቁጥር ቀሪ ነው እንበል። 39 ፊርማ፣ 39 ወረቀት መኖር አለበት። ከ22 ቀጥሎ 24 ከመጣ የጎደለው 23 ነው፤ ባለቤቱም ገና ፊትህ ተቀምጧል። ለዚህ ሁለት ፈታኝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲሰበስብ ሌላው በሩን ይይዛል። ቀድሞ ጨርሶ የሚወጣም ወረቀቱን ሲያስረክብ ዝርዝሩ ላይ ድጋሚ ይፈርም።

ያለፈውን ለማጣራት ግን የፊርማ ዝርዝሩንና የመልስ ወረቀቶቹን ስም በስም አመሳክር። የጎደለውን ካገኘህ በኋላ በክፍሉ የነበሩትን ፈታኞች የሆነውን ለየብቻ አስጽፋቸው።