ቀዝቃዛዋ ኮከብ ለምን አናት ላይ ተቀመጠች?

«ቤቴልጅስ ከፀሐይ ትቀዘቅዛለች ይላሉ። ታዲያ የከዋክብትን ሙቀት በአግድም፣ ብርሃናቸውን በቁም በሚያሳየው ኤች-አር ዲያግራም ላይ እንዴት አናት ላይ ወጣች? ዕድሜስ ከየት ይነበባል?»

ግዙፍ ስለሆነች ነው። የገጿ ሙቀት ወደ 3,500 ኬልቪን፣ የፀሐይ ደግሞ 5,800 ገደማ ነው። 3,500ን ለ5,800 አካፍልና ውጤቱን ወደ አራተኛ ኃይል አንሳው፤ 0.13 ይመጣል። አንድ ካሬ ሜትሯ ከፀሐይ ጋር ሲተያይ የሚሰጠው ብርሃን ይህን ያህል ብቻ ነው። ጠቅላላ ብርሃኗ ግን በግምት የፀሐይን 90,000 እጥፍ ይሆናል። ጉድለቱን የሚሞላው ስፋቷ ነው፤ ስታሰላው ሬዲየሷ የፀሐይን 800 እጥፍ ገደማ ይወጣል።

ታች በግራ፣ ሞቃቶቹ ባሉበት በኩል፣ ተቃራኒው አለ፦ የሲሪየስ ኮከብ ትንሽ ጓደኛ የሆነችው ሲሪየስ ቢ በጣም ትሞቃለች፣ ግን ደብዛዛ ናት። መጠኗ መሬትን ቢያክል ነው።

ዕድሜን ከአንድ ኮከብ አትፈልግ፤ አብረው የተወለዱትን ሰብስበህ አስፍር። በሰያፍ በሚወርደው ዋናው መስመር ላይ ደማቆቹ ነዳጃቸውን ቀድመው ጨርሰው ይወጣሉ። መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ዕድሜያቸውን ይነግርሃል። ሰባቱ ከዋክብት በሚባሉት ውስጥ ደማቅ ሰማያዊዎቹ ገና አሉ፤ ዕድሜያቸው 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። በዓይን የምታየውን ድምቀት እንዳለ አታስፍር፣ መጀመሪያ ርቀቱን አስተካክል። ሲሪየስ በሰማያችን ከቤቴልጅስ ትደምቃለች፤ 8.6 የብርሃን ዓመት ላይ ስላለች እንጂ እውነተኛ ብርሃኗ የፀሐይን 25 እጥፍ ያህል ብቻ ነው።