የእናቶች ሞት ቁጥር ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ዮናስ፦ የእናቶች ሞት ሬሾና የእናቶች ሞት ሬት ያው አንድ አይደሉም እንዴ? ሁለቱም የሞቱ እናቶችን ነው የሚቆጥሩት።

መልስ፦ ሟቾቹ ላይ ልክ ነህ። ልዩነቱ ለማን እንደሚካፈሉ ነው። ሬሾው በሕይወት ለተወለዱ ሕፃናት ይካፈላል። ሬቱ ደግሞ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ሁሉ፣ ላላረገዙትም ጭምር።

ለምሳሌ አንድ ወረዳ 25,000 እንዲህ ያሉ ሴቶች አሉት እንበል። በዓመት 3,000 ሕፃናት ይወለዳሉ፤ 6 እናቶች ይሞታሉ። ሬሾው ለ100,000 ወሊድ 200 ነው፤ ሬቱ ለ100,000 ሴቶች 24። በኋላ የወሊድ መከላከያ ተስፋፍቶ ወሊዱ 1,500፣ ሞቱም 3 ሆነ። ሬቱ ወደ 12 ወረደ፤ ሬሾው ግን 200 ላይ ቆሟል። ሕይወት ተርፏል፤ ያረገዘችው ሴት የሚጠብቃት አደጋ ግን ያው ነው። ጤና ጣቢያው ተሻሽሏል ወይ ለማለት እኔ ሬሾውን ነው የማየው።

ሰላም፦ የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የኢትዮጵያ ሬሾ ለ100,000 ወሊድ 412 ነው ብሏል። ሞት በማይመዘገብበት አገር ማን ቆጠረው?

መልስ፦ እህቶች ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጠያቂዎች ቤት ለቤት ሄደው ሴቶችን ስለ እናታቸው ልጆች ይጠይቃሉ። የሞተች እህት ካለች፣ ስትሞት እርጉዝ ነበረች? በምጥ ላይ ነበረች? ከወለደች ሁለት ወር ሳይሞላት ነው? ብዙ ሺህ ሴት ተጠይቆም የሚገኘው ሞት ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የሰባት ዓመት ሞት አንድ ላይ የሚደመረው። ያም ሆኖ እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ሊሆን ይችላል።

ሕይወት፦ አክስቴ የሦስት ወር እርጉዝ ሆና በድንገት ሞተች። ቤተሰቡ «ሆዷን አሟት ነው» አለ። እሷስ ተቆጥራለች?

መልስ፦ ነፍሷን ይማር። እርግዝናዋን እህቶቿ ካላወቁ ወይም ከደበቁ አልተቆጠረችም። ከማሕፀን ውጭ እርግዝናና ውርጃ በብዛት የሚጠፉት እንዲህ ነው። በተቃራኒው እርጉዝ ሆና መኪና የገጫት ሴት እዚያ ቁጥር ውስጥ ትገባለች፤ ጥናቱ ጊዜውን እንጂ ምክንያቱን አይለይምና። የትኛው ስህተት እንደሚበልጥ ባለሙያዎችም አልተስማሙም።

ዮናስ፦ የተባበሩት መንግሥታት ለ2020 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሬሾ 267 ነው ብሎ ነበር። በአራት ዓመት ከ412 ወረደ ማለት ነው?

መልስ፦ አይባልም። 412ቱ ከጥናቱ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት ያጠቃልላል። 267ቱ ከብዙ መረጃ በሞዴል የተሰላ የአንድ ዓመት ግምት ነው። አዲስ ግምት ሲወጣ ያለፉት ዓመታትም አብረው እንደገና ይሰላሉ። መቀነሱን ማየት ከፈለግህ ከአንድ እትም ውስጥ አወዳድር።

ተክሉ፦ እኛ ወረዳ 3,000 ወሊድ አለ፤ ዘንድሮ ዜሮ ሞት ሪፖርት አደረግን። እንኳን ደስ አላችሁ አትለንም?

መልስ፦ ቶሎ አልልም። ሬሾው 200 አካባቢ ከሆነ 6 ሞት ይጠበቃል፤ ዜሮ በአጋጣሚ መምጣቱ እጅግ ያጠራጥራል። ቤት የሞቱት ሪፖርት ላይ አልደረሱ ይሆናል። ከእድሮች፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ዘንድሮ የተቀበሩ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ሴቶች ስም አሰባስቡ። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤተሰቡን ትጠይቅ። መጀመሪያ የምትጠይቀው «በወሊድ ነው ወይ የሞተችው?» ብላ አይሁን፤ «የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር?» ብላ ትጀምር።