ከቃለ መጠይቅ ጽሑፍ ጭብጥና ጥቅስ ማውጣት፦ ሴትየዋ ያላለችውን አለች እንዳንል

ጥያቄው፦ «ደሴ ዙሪያ ጤና ጣቢያ ከወለዱ 12 እናቶች ጋር በአማርኛ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ጭብጥና ጥቅስ አውጥቼ ለአማካሪዬ ብልክ ‹ሰዎቹ ያላሉትን እያስባልሻቸው ነው› ብሎ መለሰልኝ። የት ጋ እንደተሳሳትኩ እንዴት ልወቅ?»

እህቴ፣ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው ጥቅስ ስትመርጪ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ለእያንዳንዱ የንግግር ክፍል አጭር መለያ ማለትም ኮድ ስትሰጪ ነው። ለማሳያ እንዲሆን ራሴ ያዘጋጀሁትን አንድ ምልልስ ልጻፍና በእሱ ላይ እንሥራ።

ጠያቂ፦ አገልግሎቱ እንዴት ነበር?
ተሳታፊ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ምን ጎደለ ይባላል። (ዝም ትላለች) ብቻ፣ እናቴን አላስገቧትም። ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ቆማ አደረች። ልጆቹስ ጥሩ ናቸው፣ ምን ያርጉ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ናቸው። የሚቀጥለውን እንግዲህ፣ አላህ ያውቃል።

ከዚህ ንግግር ሁለት ዓይነት ጠማማ ጥቅስ ይወጣል። አንዱ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» የሚለውን ቆርጦ «በአገልግሎቱ መርካት» ከሚል ጭብጥ ሥር ያስቀምጠዋል። ሌላው «እናቴን አላስገቧትም» የሚለውን ብቻ ወስዶ «የባለሙያዎች ክፉ አያያዝ» ይለዋል። ቃሉ በሁለቱም በኩል የእሷ ነው፤ አንድም ፊደል አልተለወጠም። ሐሳቡ ግን በሁለቱም የእሷ አይደለም።

የመጀመሪያው ለምን ስህተት ሆነ? በእኛ በወሎ «እንዴት ነበር?» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ምስጋና ነው፤ አልሐምዱሊላህ ይባል ተመስገን። ይህ የወግ መልስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ የሚጀምረው ከዝምታው በኋላ፣ «ብቻ» ከምትለው ቃል ነው። ስለዚህ ኮድ ከመስጠትሽ በፊት ድምፁን እየሰማሽ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቢው። ዝምታውን፣ ሳቁን፣ የድምፁን መውረድ በቅንፍ አስገቢ። «ብቻ»፣ «እንግዲህ»፣ «እንጃ»፣ «መቼስ» የሚሉትን ለንጽሕና ብለሽ ከሰረዝሽ መልሰሽ አስገቢያቸው። ጽሑፉን የሚያሳምር የሚመስለው ይህ ማጽዳት የተናጋሪዋን ጥርጣሬ አብሮ ጠርጎ ይወስደዋል።

ኮዱን በግሥ ጻፊው፤ በተቻለ መጠንም በራሷ ቃል። «አገልግሎት» ወይም «ቤተሰብ» የሚል ኮድ መሳቢያ ነው፤ ሁሉም ይገባበታል፣ ምንም አይናገርም። ከላይ ካለው ንግግር እኔ የማወጣው አራት ነው፦ «በምስጋና መጀመር»፣ «እናት በር ላይ ማደሯ ማስከፋቱ»፣ «ለባለሙያዎቹ ማዘን፣ ቁጥራቸው ማነሱ» እና «ቀጣዩን የት እንደምትወልድ አለመቁረጥ»። እያንዳንዱን ከተሳታፊ ቁጥርና ከመስመር ቁጥር ጋር በኤክሴል አስፍሪ (ተሳታፊ 5፣ መስመር 41–46 እንደሚባለው)። አጠገቡ ሌላ ዓምድ ክፈቺና ከመልሱ በፊት የነበረውን ያንቺን ጥያቄ ጻፊበት። «አገልግሎቱ ጥሩ ነበር አይደል?» ብለሽ ጠይቀሽ ከሆነ «አዎ ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ያንቺ ነው እንጂ የእሷ አይደለም፤ ለጥቅስነት አይበቃም።

ጭብጥ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። ብራውንና ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. ለጭብጥ ትንተና ያቀረቡትን ስድስት ደረጃ የሚከተሉ ብዙ ተማሪዎች ደረጃውን ጨርሰው የርዕስ ዝርዝር ይዘው ይወጣሉ። «የወሊድ አገልግሎት ተግዳሮቶች» ርዕስ ነው። «እናቶች ባለሙያውን አይወቅሱም፤ ከቤተሰብ ተለይተው መውለዳቸው ግን ቀጣዩን ወሊድ እንዲያመነቱ ያደርጋቸዋል» ጭብጥ ነው። ዓረፍተ ነገር ሲሆን ሊሳሳት ስለሚችል ልትፈትኚው ትችያለሽ። ፈተናውም 12ቱን እንደገና አንብቦ የሚቃረኑትን መፈለግ ነው። «ብቻዬን መሆኔ ተመቸኝ» ያለች አንዲት እናት ካለች አትደብቂያት፤ ጭብጡን አሻሽዪው፣ ወይም እሷን በስሟ ሳይሆን በቁጥሯ ጠቅሰሽ ልዩነቱን ጻፊ።

አሁን ወደ ጥቅሱ። ከመረጥሽው ዓረፍተ ነገር በፊትና በኋላ ቢያንስ አምስት አምስት መስመር አንብቢ። ከዚያ ጭብጡንና ጥቅሱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ «ይህን ብታየው ‹እንዲህ ማለቴ ነው› ትላለች?» ብለሽ ጠይቂ። በምሳሌያችን «ልጆቹስ ጥሩ ናቸው» የሚለው ከቀረ አትልም፤ ስለዚህ ጥቅሱ ቢረዝምም ይገባል። ስትቆርጪ ሦስት ነጥብ አድርጊ፤ እሷ ራሷ ያቆመችበትን ግን በቅንፍ (ዝም ትላለች) ብለሽ ለዪው፤ አለበለዚያ አንባቢ የቱ መቁረጥ የቱ ዝምታ እንደሆነ አያውቅም። ከሁለት ገጽ የመጡ ቁርጥራጮችን እንደ አንድ ትንፋሽ አታያይዢ። ሲጨርሱ ደግሞ መቁጠር ነው፦ ከ16 ጥቅስ ዘጠኙ ከሁለት አንደበተ ርቱዕ እናቶች ከመጣ ጽሑፍሽ ስለ 12 ሳይሆን ስለ ሁለት ነው። አጭር የሚመልሱትን ተመልሰሽ አንብቢ፤ «አይ፣ በር ላይ ነበረች» የምትል አራት ቃል አንዳንዴ ከረጅሙ ትበልጣለች።

ትርጉሙ የባሰ ወጥመድ ነው። ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ኮዱን በአማርኛው ላይ ሥሪ፤ የምትተረጉሚው የተመረጡትን ጥቅሶች ብቻ ይሁን። ያቺው አጭር ምልልስ ስንት ቦታ እንደምታንሸራትት ተመልከቺ። «ልጆቹ» ያለቻቸው ወጣቶቹን አዋላጆች ነው፤ ችኩል ተርጓሚ ሕፃናት ያደርጋቸዋል። «ምን ያርጉ» ማዘን ነው፤ «ምን አደረጉልኝ» የሚል ወቀሳ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። «አላስገቧትም» ያለችው እነማንን ነው? አማርኛችን አድራጊውን ሳይጠራ «አሉ»፣ «ከለከሉ» ይላል። የከለከለው የበሩ ዘበኛ ይሁን አዋላጇ ከጽሑፉ አይታወቅም፤ ባለሙያ ብለሽ ከተረጎምሽ ክስ ፈጠርሽ። ማን እንደሆነ ሌላ መስመር ላይ ካልተናገረች ሳይታወቅ እንደተባለው ይቅር። የተረጎምሽውን ዋናውን ላላየ ሰው ሰጥተሽ ወደ አማርኛ አስመልሺው። የተመለሰው ከዋናው ጋር የማይገጥምበት ቃል ላይ ነው ሥራው ያለው።

በትንሽ ቀበሌ ደግሞ ስም መሰረዝ አይበቃም። «እናቷ በር ላይ ያደረች፣ መንታ የወለደች» ከተባለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። መንታነቱ ለጭብጡ ካላስፈለገ አውጪው፤ ማውጣትሽንም በሥነ ዘዴው ክፍል ግለጪ።

ከቻልሽ ከተሳታፊዎቹ ለሦስት ወይም ለአራቱ ጭብጡን በአማርኛ አንብቢላቸው። «ልክ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ለእንግዳ «አይደለም» ማለት ነውር ስለሚመስላቸው «አዎ ልክ ነው፣ አላህ ይስጥሽ» ብለው ይሸኙሻል። ይልቅ ሁለት አነጋገር አቅርቢ፦ «አንዷ እናት ‹ሠራተኞቹ ናቸው ያስከፉኝ› አለች፣ ሌላዋ ‹ብቻዬን መሆኔ ነው ያስከፋኝ› አለች እንበል፤ ያንቺ ለየትኛው ይቀርባል?» ያኔ «ኧረ የሁለቱም አይደለም» የምትልሽ ካለች ቀጥሎ የምትናገረውን ቃል በቃል ጻፊው።