ዙም ላይ ራስን ማስተዋወቅ፦ ስንት ሰከንድ? ዓይንስ የት?

«ሰኞ ከአዲሱ የሥራ ቡድኔ ጋር የመጀመሪያ የዙም ስብሰባ አለኝ። አሥራ ሁለት ሰው ነን፤ ሁሉም ራሱን ያስተዋውቃል ተብሏል። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ምን ያህል ላውራ? ደግሞስ የማየው ካሜራውን ነው ሰዎቹን?»

እህቴ፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃሻል።

በአካል ስትገናኙ ትንሽ ብታስረዝሚም ችግር የለውም። ሰው ሲሰለች ይቁነጠነጣል፣ ሲገባው ራሱን ይነቀንቃል፤ አንቺም አይተሽ ታሳጥሪያለሽ። ዙም ላይ ግን ሁሉም ማይኩን ዘግቷል፤ ፊቱም የቴምብር ያህል ነው። ዝም ሲሉሽ ያልሰሙሽ ይመስልሽና ያልሽውን ትደግሚዋለሽ። ብዙ ሰው ስክሪን ላይ የሚያስረዝመው ወሬ ስለሚወድ ሳይሆን ይሄ ዝምታ ስለሚያስጨንቀው ነው። ስለዚህ የት እንደምታቆሚ ቀድመሽ ወስኚ። ሌላውን ባታጠኚው እንኳ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዣት።

አጀማመሩም ላይ አንድ ነገር አለ። ማይክ ስትከፍቺ የመጀመሪያዋ ቃል ብዙ ጊዜ ትቆረጣለች። ፕሮግራሙም ያንቺን ምስል ወደ ፊት እስኪያመጣው ትንሽ ይዘገያል። በስምሽ ከጀመርሽ የሚጠፋው ስምሽ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ስም። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም ለሁላችሁም። እገሊት እባላለሁ። ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ የገባሁት በቅርቡ ነው። ከአሁን በኋላ የአቅራቢዎች ክፍያ የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው። ደረሰኝ የጎደለው ወይም የዘገየ ክፍያ ካለ በቀጥታ ለእኔ ጻፉልኝ። አብረን ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። እኔ ጨርሻለሁ፤ ቀጥሎ እገሌ።»

የት እንደተማርሽና ከዚህ በፊት የት የት እንደሠራሽ የለበትም። አሥራ ሁለት ሰው በተከታታይ ሲናገር የሚታወሰው «ለምን ጉዳይ ነው እሷን የማናግረው?» የሚለው ብቻ ነው። ከስብሰባው በኋላ ሰዎች «ምን ላይ ነበር የምትሠሪው?» ብለው ከጠየቁሽ ይህን የምትነግራቸው ዓረፍተ ነገር ጎድላለች ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ «ቀጥሎ እገሌ» ያልኩሽ ለጨዋነት አይደለም። ስክሪን ላይ የሰዎቹ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። አንቺ ጋ ከጎንሽ ያለው ሰው ሌላው ጋ ታች ጥግ ላይ ሊሆን ይችላል። ስም ካልጠራሽ ወይ ሁለት ሰው አንዴ ይጀምራል፣ ወይ ማንም አይጀምርም።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ሙሉውን ካሜራ ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግሽም፤ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ዜና የሚያነብ ይመስላል። ሰላምታሽንና ስምሽን፣ እንዲሁም የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ካሜራውን እያየሽ ተናገሪ። መሃል ላይ ሰዎቹን እዪ።

ግን የምታዪያቸው የት ላይ ነው? ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ዓይንሽ ከካሜራው ትንሽ ዝቅ ቢል ተመልካቹ ብዙም አይታወቀውም። ወደ ጎን ሲሄድ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ስለዚህ የዙም መስኮቱን አሳንሺና ጎትተሽ ልክ ከካሜራው ሥር አድርጊው። ላፕቶፑን መጽሐፍ ደርድረሽ ካሜራው ከዓይንሽ እኩል እስኪሆን ከፍ አድርጊው፤ አንቺም አንድ ክንድ ያህል ራቂ። በራቅሽ ቁጥር በካሜራውና በፊታቸው መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ማስታወሻ ከያዝሽም ቦታው እዚያው ከካሜራው ሥር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ካደረግሽው የሚያዩት ግንባርሽን ነው። ተጨማሪ ትልቅ ስክሪን ካለሽና ካሜራው ላፕቶፑ ላይ ከሆነ፣ ለዚህ ስብሰባ ትልቁን ተዪው፤ አለዚያ የጎን ፊትሽን ብቻ ነው የሚያዩት። በስልክ ከሆነ ደግሞ አግድም ስታደርጊው ካሜራው ወደ ጎን እንደሚሄድ አትርሺ። ቀጥ አድርገሽ የሆነ ነገር ላይ አስደግፊው።

የራስሽ ምስል ደግሞ ዓይንሽን ይሰርቅሻል፤ ሰው ሁሉ ፀጉሩን ያያል፣ እኔንም ጨምሮ። ኮምፒውተር ላይ ምስልሽን በቀኝ ክሊክ ተጭነሽ Hide Self View በዪው። ሌሎቹ ያዩሻል፣ አንቺ አታዪውም። ብርሃኑንና ቦታሽን አስቀድመሽ ካስተካከልሽ በኋላ ነው ታዲያ።

እሑድ ማታ ለብቻሽ ስብሰባ ክፈቺና ቅጂው። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተሽ ዓይንሽን ብቻ ተመልከቺ። ከዚያ ምስሉን ሳታዪ አዳምጪ። ከአርባ ሰከንድ ካለፈ የሆነች ዓረፍተ ነገር ትውጣ።

ይሄ ሁሉ ለእንዲህ ዓይነት ዙር ነው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆንሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብለሽ ጥያቄ ጠይቂ፤ ጨዋታው ራሱ ያስተዋውቅሻል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ከሆነም እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ብትሄጂ ያስኬዳል።

ኔትወርክ ከተቆራረጠብሽ ግን ካሜራውን ዝጊና በድምፅ ብቻ ጨርሺ፤ ስምሽንና የምትሠሪውን ቻት ላይ ጻፊላቸው።