መልስ፦ ኤቲፒውን የሚሰብረው ማነው?

«ግሉኮስን ወደ ሴል የሚያስገባው ፕሮቲን ኤስጂኤልቲ1 የሴል የኃይል ምንጭ የሆነውን ኤቲፒ አይጠቀምም ከተባለ፣ የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑን በዋባይን ስንዘጋው ግሉኮስ መግባቱ ለምን ይቆማል?»

ኤስጂኤልቲ1 የሚሠራው ፓምፑ ባዘጋጀለት የሶዲየም ልዩነት ስለሆነ ነው። በትንሹ አንጀት ሴል ላይ ሁለቱ የተቀመጡት በተለያየ ጎን ነው። በደም በኩል ያለው የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ በአንድ ኤቲፒ 3 ሶዲየም አውጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ስለዚህ ሶዲየም ውጭ በሊትር 140 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን፣ ውስጥ ከ10 እስከ 15 አካባቢ ሆኖ ይቆያል። የሴሉ ውስጠኛ ክፍልም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ሶዲየምን ይስባል።

ምግቡ በሚያልፍበት በኩል ያለው ኤስጂኤልቲ1 ደግሞ 2 ሶዲየም ሲያስገባ 1 ግሉኮስ አብሮ ያስገባል፤ ግሉኮስ ውስጥ ቢበዛ እንኳ። እነዚያን 2 ሶዲየሞች መልሶ ለማስወጣት ፓምፑ የአንድ ኤቲፒ ሁለት ሦስተኛ ያወጣል። ወጪው አለ፣ የሚከፈለው ግን በሌላ በር ነው።

ኤስጂኤልቲ1ን በቀጥታ በመዝጋትና ፓምፑን በመዝጋት መካከል ያለውን ልዩነት በሙከራ ለማየት ሰዓቱን ልብ ማለት ነው። ፍሎሪዚን ኤስጂኤልቲ1ን ራሱን ስለሚይዝ፣ በአንጀቱ ክፍተት በኩል ሲጨመር ግሉኮስ መግባቱ ወዲያው ይቀንሳል። በዋባይን ግን ሶዲየም ውስጥ እስኪጠራቀም ድረስ ግሉኮሱ መግባቱን ይቀጥላል፤ የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ እዚህ ላይ ነው፦ ዋባይን ፓምፑን የሚይዘው ከሴሉ ውጭ፣ ያውም በደም በኩል ነው። በአንጀቱ ክፍተት በኩል ከተጨመረ ፓምፑን ስለማያገኘው ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል።